ከመጀመሪያ ፍጥነት ሠንጠረዥ ወደ ኦርደርና ወደ k፦ አሳሳቹ አራተኛ ረድፍ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንዲት ትንሽ ሠንጠረዥ ነው። አራት ረድፍ ብቻ ናት። ከእሷ የአንድን ሪአክሽን ኦርደሮችና ሬት ኮንስታንቱን፣ ማለትም k የምንለውን ቁጥር፣ እናወጣለን። የተለመደውን ዘዴ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ አንድ ነገር ብቻ የተቀየረባቸውን ሁለት ረድፎች ፈልጎ ፍጥነታቸውን ማካፈል ነው። ይህች ሠንጠረዥ ግን ለሁለቱ ንጥረ ነገሮች እንዲህ ያለ ጥንድ ትሰጠንና ለሦስተኛው ትከለክለናለች። ይህን ሳያይ ያለፈ ሰው የሚያገኘው መልስ ስሕተት አይመስልም፤ ቁጥሩ ያምራል፣ ወደ ሙሉ ቁጥርም ይጠጋል። እኔን የሚያስጨንቀኝ የዚህ ዓይነቱ ስሕተት ነው።

ሪአክሽኑ ብሮሜት ከብሮማይድ ጋር በአሲድ ውስጥ ሲገናኙ ብሮሚን የሚወጣበት ነው፦

BrO₃⁻ + 5Br⁻ + 6H⁺ → 3Br₂ + 3H₂O

ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተዘጋጁ ናቸው። ሆኖም ልኬት ሁሌም ትንሽ ስለሚያወላውል፣ ሆን ተብሎ ትንሽ እንዲዛነፉ ተደርገዋል። ሙቀቱ በአራቱም ሙከራ አንድ ነው። ፍጥነቱ ብሮሜት በሴኮንድ ስንት ሞላር እንደሚቀንስ የሚናገር ነው።

| ሙከራ | [BrO₃⁻] (M) | [Br⁻] (M) | [H⁺] (M) | የመጀመሪያ ፍጥነት (M/s) |
|---|---|---|---|---|
| 1 | 0.040 | 0.10 | 0.10 | 3.20 × 10⁻⁴ |
| 2 | 0.080 | 0.10 | 0.10 | 6.31 × 10⁻⁴ |
| 3 | 0.080 | 0.15 | 0.10 | 9.65 × 10⁻⁴ |
| 4 | 0.040 | 0.15 | 0.20 | 1.91 × 10⁻³ |

የምንፈልገው የፍጥነት ሕግ እንዲህ ይጻፋል፤ r ፍጥነቱ ነው፣ አርቢዎቹ x፣ y እና z ደግሞ የምንፈልጋቸው ኦርደሮች ናቸው፦

r = k [BrO₃⁻]ˣ [Br⁻]ʸ [H⁺]ᶻ

ከእኩልታው ላይ 1ን፣ 5ን እና 6ን ወስዶ በ x፣ በ y እና በ z ቦታ መተካት የሚፈትነው ሰው አይጠፋም። እንዲያ ቢሆን አሥራ ሁለት አየኖች በአንድ ቅጽበት አንድ ቦታ ላይ መጋጨት ነበረባቸው። ሪአክሽኑ በእርምጃ በእርምጃ ነው የሚሄደው፤ ኦርደሩ የሚነግረን እስከ ቀርፋፋው እርምጃ ድረስ ምን ምን እንደተሳተፈ ነው። ሚዛኑን የጠበቀው እኩልታ ደግሞ የሚነግረን የመጨረሻውን ሒሳብ ብቻ ነው። ስለዚህ አርቢዎቹን ከልኬት እንጂ ከእኩልታው አናገኝም።

በቀላሉ እንጀምር። ሙከራ 1ን እና 2ን ተመልከቱ። ብሮማይዱ እኩል ነው፣ አሲዱም እኩል ነው፣ ብሮሜቱ ብቻ እጥፍ ሆኗል። ፍጥነቱን እናካፍል፦ 6.31 ለ 3.20፣ 1.972 ይሆናል። እኩል የሆኑት ሁሉ፣ k ጭምር፣ ስለሚጣፉ የሚቀረው 2ˣ = 1.972 ነው። x ን ለማውጣት ሎጋሪዝም እንወስዳለን፦

x = ln 1.972 / ln 2 = 0.98

እንግዲህ x አንድ ነው። «1.97 ሁለትን ስለሚመስል ኦርደሩ አንድ ነው» ብሎ በዓይን ግምት ማለፍም ይቻላል፤ ለዚህ ጥንድ ያስኬዳል። ቢሆንም በሎጋሪዝም የመሥራትን ልማድ እንድትይዙ እመክራለሁ፤ ምክንያቱን አሁኑኑ ታያላችሁ።

ሙከራ 2ን እና 3ን እናነጻጽር። የተቀየረው ብሮማይድ ብቻ ነው፣ ከ0.10 ወደ 0.15፤ ማለትም አንድ ተኩል እጥፍ። ፍጥነቱ 9.65 ለ 6.31፣ 1.529 እጥፍ አድጓል። «እጥፍ ከሆነ ኦርደር አንድ፣ አራት እጥፍ ከሆነ ኦርደር ሁለት» የምትለውን ቃል በቃል የሸመደደ ሰው እዚህ ይደናገራል፤ 1.53 እጥፍም አይደለም፣ አራት እጥፍም አይደለም። ያቺ አባባል የምትሠራው ኮንሰንትሬሽኑ ሁለት እጥፍ ሲሆን ብቻ ነው። ሎጋሪዝሙ ግን አይደናገርም፦

y = ln 1.529 / ln 1.5 = 1.05

y አንድ ነው። ግን ይህ 1.05 ከመጀመሪያው 0.98 ይልቅ ከአንድ ራቅ ማለቱን አስተውሉ። የለካው ሰው ተዝረክርኮ ላይሆን ይችላል፤ ኮንሰንትሬሽኑ የተለወጠው በትንሹ ስለሆነ ነው። ፍጥነቶቹን ስናካፍል ያገኘነው ቁጥር በ5 በመቶ ቢሳሳት፣ ኮንሰንትሬሽኑ እጥፍ ሲሆን ኦርደሩ የሚዛነፈው በ0.07 ገደማ ነው። አንድ ተኩል እጥፍ ሲሆን በ0.12 ይዛነፋል። ኮንሰንትሬሽኑን በ20 በመቶ ብቻ የጨመረ ሰው ደግሞ ያው የ5 በመቶ ስሕተት ኦርደሩን በ0.27 ያዛንፍበታል፤ ያን ጊዜ 1.27 አግኝቶ አንድ ይሁን አንድ ተኩል ማወቅ ይቸግረዋል። ሙከራውን የምታቅዱት እናንተ ከሆናችሁ ቢያንስ እጥፍ አድርጉ፤ ቢቻል ሦስት ወይም አራት እጥፍ።

ማጠጋጋትን ካነሣን፣ 0.98ን ወደ 1 ማጠጋጋት ተገቢ ነው፤ 0.5ን ወይም 1.5ን ወደ ሙሉ ቁጥር መጎተት ግን ተገቢ አይደለም። ሃይድሮጅን ከብሮሚን ጋር በጋዝነት ሲዋሃዱ የመጀመሪያው ፍጥነት ለብሮሚን ግማሽ ኦርደር አለው። አሴታልዲሃይድ በሙቀት ሲበታተን ኦርደሩ አንድ ተኩል ነው። አሴቶን በአሲድ ውስጥ ከአዮዲን ጋር ሲገናኝ ደግሞ ለአዮዲኑ ኦርደሩ ዜሮ ነው፤ አዮዲኑን እጥፍ ብታደርጉትም ፍጥነቱ አይነቃነቅም። እጥፍ አድርጋችሁ ፍጥነቱ 1.41 እጥፍ ካደገ፣ ያ የተበላሸ ልኬት ሳይሆን የሁለት ካሬ ሥር ነውና ወደ ግማሽ ኦርደር የሚያመለክት ምልክት ነው።

አሁን ወደ አሲዱ እንሂድ። የ [H⁺] ዓምድ የተለወጠው በሙከራ 4 ላይ ብቻ ነው። ከየትኛው ጋር ይነጻጸር? ከ3 ጋር ብናስተያየው አሲዱ ከ0.10 ወደ 0.20 እጥፍ ሆኗል። ፍጥነቱ 19.1 ለ 9.65፣ 1.979 እጥፍ። ብሮማይዱ በሁለቱም 0.15 ነው። «አሲዱ እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱም እጥፍ ሆነ፤ ስለዚህ z አንድ ነው።» ይኸው ወጥመዱ።

የብሮሜቱን ዓምድ ተመልከቱ። በሙከራ 3 ላይ 0.080 የነበረው በሙከራ 4 ላይ 0.040 ሆኗል፤ በግማሽ ቀንሷል። ብሮሜት ኦርደሩ አንድ መሆኑን አውቀናል፤ ስለዚህ የብሮሜቱ መቀነስ ብቻውን ፍጥነቱን በግማሽ መቁረጥ ነበረበት። ፍጥነቱ ግን አልተቆረጠም፤ እንዲያውም ወደ እጥፍ አደገ። እንግዲህ አሲዱ የብሮሜቱን ጉድለት ሞልቶ፣ በዚያ ላይ እጥፍ ጨምሯል ማለት ነው። በቁጥር ስናስቀምጠው፦

1.979 = (0.040/0.080)¹ × (0.15/0.15)¹ × (0.20/0.10)ᶻ
1.979 = 0.5 × 1 × 2ᶻ
2ᶻ = 3.958
z = ln 3.958 / ln 2 = 1.985

z ሁለት ነው። አንድ አይደለም።

ዘዴው ይኸው ነው፤ ንጹሕ ጥንድ ሲታጣ፣ አስቀድመን ያወቅነውን ኦርደር ተጠቅመን የዚያን ንጥረ ነገር ድርሻ ከፍጥነቱ ላይ እናነሣለን። ለዚህ ሲባል የሥራው ቅደም ተከተል ዋጋ አለው። መጀመሪያ ንጹሕ ጥንድ ያላቸውን ጨርሱ፤ የተቀላቀለውን ለመጨረሻ አቆዩት። ከሙከራ 1 ጋር ብናነጻጽረውም ያው ነው፤ ያን ጊዜ የሚነሣው የብሮማይዱ 1.5 እጥፍ ነው። 19.1 ለ 3.20፣ 5.97 ይሆናል፤ ለ1.5 ስናካፍለው 3.98፤ ከዚያ z 1.99 ይመጣል። ሁለት መንገድ አንድ ቦታ ሲያደርስ ደስ ይላል። ግን ልብ በሉ፣ በሁለቱም መንገድ የተጠቀምነው ያንኑ አራተኛ ረድፍ ነው። ያ አንድ ልኬት የተበላሸ ቢሆን ሁለቱም መንገዶች ተያይዘው ይሳሳታሉ።

የፍጥነት ሕጉ እንግዲህ r = k [BrO₃⁻][Br⁻][H⁺]² ነው፤ ጠቅላላ ኦርደሩ አራት። የዚህ ሪአክሽን ትክክለኛ ሕግም ይኸው ነው።

አሁን k ን እናውጣ። ብዙ ሰው ረድፍ 1ን ብቻ ወስዶ አስልቶ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። እኔ ከአራቱም እንድታወጡት አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ አማካይ ለማግኘት ስል ብቻ አይደለም። ስሌቱ እንዲህ ነው፦

ሙከራ 1፦ 3.20 × 10⁻⁴ / (0.040 × 0.10 × 0.10²) = 8.00
ሙከራ 2፦ 6.31 × 10⁻⁴ / (0.080 × 0.10 × 0.10²) = 7.89
ሙከራ 3፦ 9.65 × 10⁻⁴ / (0.080 × 0.15 × 0.10²) = 8.04
ሙከራ 4፦ 1.91 × 10⁻³ / (0.040 × 0.15 × 0.20²) = 7.96

አማካዩ 7.97 ነው፤ 8.0 ብለን እንጻፈው። አሃዱ ከየት ይመጣል? ከላይ M/s አለ፤ ከታች ሞላር አራት ጊዜ ተባዝቷል። ሲካፈል M⁻³ s⁻¹ ይሆናል። አሃዱን ከጠቅላላው ኦርደር ጋር ማመሳከር ፈጣን ፍተሻ ነው፤ ኦርደር አራት ብሎ M⁻¹ s⁻¹ የጻፈ ሰው አንዱ ቦታ ላይ ተሳስቷል።

አራቱን ረድፎች ለምን እንዳልኩ የሚታየው ስሕተት ሲሠራ ነው። ወጥመዱ ውስጥ ገብተን z = 1 ብለን ነበር እንበል። በዚያ ሕግ k ን ከአራቱም ረድፍ ስናወጣ 0.80፣ 0.79፣ 0.80 እና 1.59 ይመጣል። ሦስቱ በደንብ ይስማማሉ፤ አራተኛው ብቻ እጥፍ ሆኖ ይወጣል። ከረድፍ 1 ብቻ የሠራ ሰው ይህን አያየውም። የሚገርመው የሦስቱ መስማማት ነው፤ ሕጉ ስሕተት ሆኖ ሳለ እንዴት ተስማሙ? በሦስቱም ረድፍ አሲዱ 0.10 ስለሆነ ነው። ያልተለወጠ ነገር ኦርደሩ አንድም ይሁን ሁለት ወይም ስድስት በሦስቱም ላይ እኩል ይገባል፤ k ን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል እንጂ አያበታትነውም። ስለዚህ k የረጋው ኮንሰንትሬሽኑ በተለወጠበት ረድፍ ጭምር ካልሆነ፣ መርጋቱ ስለዚያ ንጥረ ነገር ምንም አይመሰክርም። አንድ ረድፍ ብቻውን አፈንግጦ ስታዩም «ልኬቱ ተበላሽቷል» ብላችሁ ከመሰረዛችሁ በፊት፣ በዚያ ረድፍ ላይ ብቻ የተለወጠው ዓምድ የትኛው እንደሆነ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እዚያ ነው።

ከሠንጠረዡ ጀርባ ያሉ ሁለት ነገሮች k ን ያበላሻሉ፤ ኦርደሩን ግን አይነኩትም። ተንኮላቸውም እዚህ ላይ ነው፤ ኦርደሩ ትክክል ስለሚወጣ ማንም አይጠረጥርም።

የመጀመሪያው፣ ፍጥነቱ የየትኛው ንጥረ ነገር ነው የሚለው ነው። አንድ ብሮሜት ሲጠፋ አምስት ብሮማይድ ይጠፋል፣ ሦስት ብሮሚን ይወለዳል። የለካችሁት የብሮሚኑን መጨመር ከሆነ ቁጥራችሁ ከእኛው ሦስት እጥፍ ይበልጣል፤ ለኮኤፊሸንቱ ሳታካፍሉ k ብታወጡ 8.0 ሳይሆን 24 ታገኛላችሁ። በብሮማይድ መቀነስ ከሆነ 40። ሁለት ሰዎች ተመሳሳይ ሙከራ ሠርተው k ሦስት እጥፍ ወይም አምስት እጥፍ ቢለያይባቸው፣ ሌላ ምክንያት ከመፈለጋቸው በፊት ይህን ይጠያየቁ።

ሁለተኛው፣ ኮንሰንትሬሽኑ የጠርሙሱ ነው ወይስ የድብልቁ የሚለው ነው። ከ0.20 M ብሮሜት 10 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ ከሌሎቹ ጋር ቀላቅላችሁ ጠቅላላው 50 ሚሊ ሊትር ከሆነ፣ ሪአክሽኑ የሚያየው ብሮሜት 0.040 M ነው። ሠንጠረዡ ላይ መግባት ያለበት ይህ ነው። አሁን ሦስቱም ንጥረ ነገሮች እንዲሁ አምስት እጥፍ ቀጥነው ሳለ የጠርሙሱን ቁጥር የጻፈ ሰው ምን ይደርስበታል? ስናካፍል አምስቱ ስለሚጣፋ ኦርደሮቹ ፍጹም ትክክል ይወጣሉ። k ግን በ5⁴፣ ማለትም በ625 እጥፍ ያንሳል። ጠቅላላው መጠን ከሙከራ ሙከራ ከተለያየ ደግሞ ኦርደሮቹም ይበላሻሉ። ለዚህ ነው አንዱን ስንቀንስ የጎደለውን በውኃ ሞልተን ጠቅላላውን መጠን እኩል የምናደርገው።

«የመጀመሪያ» ስለሚለው ቃልም አንድ ነገር ልበል። መነሻ ላይ የምንለካው ኮንሰንትሬሽኖቹን በእርግጥ የምናውቀው ያኔ ብቻ ስለሆነ ነው፤ ምርቱም ገና ስላልተጠራቀመ ጣልቃ አይገባም። ግን መነሻው ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል? በሙከራ 1 አንድ ሴኮንድ ሲያልፍ ብሮሜቱ የሚቀንሰው በ0.8 በመቶ ብቻ ነው። ይህን ያየ ሰው «ገና ምንም አልተነካም» ይላል። ብሮማይዱ ግን በአምስት እጥፍ ፍጥነት ስለሚጠፋ 1.6 በመቶ ቀንሷል፤ አሲዱ በስድስት እጥፍ ስለሚጠፋ 1.9 በመቶ፤ አሲዱ ደግሞ በካሬ ነው የሚገባው። ተደምሮ ፍጥነቱ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 6 በመቶ ይወድቃል። በዚህ ኮንሰንትሬሽን በእጅ ሰዓት ይዞ መለካት አይታሰብም። ሦስቱንም አሥር እጥፍ ስናቀጥን ፍጥነቱ በአሥር ሺህ እጥፍ ይቀንሳል፤ ኦርደር አራት የሚያደርገው ይህንን ነው። ያን ጊዜ 100 ሴኮንድ አልፎም ፍጥነቱ የሚወድቀው ከ1 በመቶ በታች ነው። የመነሻ ጊዜን ስትወስኑ እንግዲህ ቶሎ የሚያልቀውንና ኦርደሩ ከፍ ያለውን እንጂ ቀስ ብሎ የሚያልቀውን አትመልከቱ።

በመጨረሻ፣ ሕጉን ለማውጣት ስላልተጠቀምንበት ረድፍ አንድ ነገር ልበል። ከአራት ረድፍ አራት ያልታወቁ ቁጥሮችን አውጥተናል፦ x፣ y፣ z እና k። ቁጥራቸው እኩል ነው፤ ለፍተሻ የተረፈ ነገር የለም። አርቢዎቹ ወደ ሙሉ ቁጥር መጠጋታቸው ብቻ ነው የሚያጽናናን። ስለዚህ አምስተኛ ሙከራ ያስፈልጋል፤ ውጤቱም ከመለካቱ በፊት መተንበይ አለበት። ብሮሜት 0.060፣ ብሮማይድ 0.20፣ አሲድ 0.15 ብንወስድ፦

r = 7.97 × 0.060 × 0.20 × 0.15² = 2.15 × 10⁻³ M/s

ወጥመድ ውስጥ የገባው ሰው ሕግ፣ ማለትም z = 1 እና k = 0.80 የሚለው፣ ለዚያው ድብልቅ 1.44 × 10⁻³ ይተነብያል። ልዩነቱ አንድ ተኩል እጥፍ ስለሆነ ልኬቱ 5 በመቶ ቢያወላውል እንኳ ማን እንደተሳሳተ ይለየዋል። አምስተኛውን ሙከራ አሲዱን 0.10 ላይ አድርገን ብንሠራው ኖሮ ግን፣ ሁለቱም ሕጎች አንድ ዓይነት ቁጥር ይተነብዩ ነበር፤ ተሳስቶ የነበረውም ሰው ትንበያው ሠምሮለት ደስ ብሎት ይሄድ ነበር።